«እኛ ✓ ሌሎች ✗»፦ የጀልባ ጉዞ ማወዳደሪያ ሰንጠረዥ እንዴት ይታረማል?

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ጀልባ ያላቸው አንድ ጋሼ አሉ። ሁለት ጀልባ ነው ያላቸው። ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ ወስደው፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አሳይተው ይመልሳሉ። የጎብኚ ወቅት ሊጀምር ሲል አንዲት ወረቀት ይዘው መጡ። «ለሆቴሎች ላድላት ነው፤ ፊደሏን ብቻ እይልኝ» አሉኝ።

ወረቀቷ ላይ ሰንጠረዥ አለ። አራት ዓምድ፣ ሰባት ረድፍ። መጀመሪያው ዓምድ የሚወዳደረው ነገር፣ ሁለተኛው «እኛ»፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሁለት ተፎካካሪዎች በስማቸው። ከ«እኛ» ሥር በአብዛኛው ✓ ተደርድሯል። ከሌሎቹ ሥር በአብዛኛው ✗ ነው። ከፊደሉ በፊት ሌላ የሚታይ ነገር እንዳለ ገባኝ።

እዚህ ተፎካካሪዎቹን «ለ» እና «ሐ» እላቸዋለሁ። ብሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ ቀይሬያቸዋለሁ፤ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ እንዳትወስዷቸው። የአስተራረሙ መንገድ ግን እንዳለ ነው።

መጀመሪያ፦ ውሸቱን ሳይሆን አሻሚውን ፈልጉ

ጋሼ አልዋሹም። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ያለው ነገር በሆነ ቀን፣ በሆነ ጀልባ ላይ እውነት ነበር። ችግሩ ሳጥኖቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያልተባለ ነገር መናገራቸው ነው።

ሕጉም ይህን ለይቶ ያውቃል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተገቢ ካልሆኑ የውድድር ተግባራት መካከል አንዱን ሲዘረዝር፣ በንግድ ማስታወቂያ ዕቃን ወይም አገልግሎትን በሐሰት *ወይም አሻሚ በሆነ መንገድ* ማወዳደርን ይጠቅሳል። «ወይም» የምትለዋን ልብ በሉ። «እውነት ነው እኮ!» ማለት ብቻውን አያድንም። ማወዳደር ራሱ አልተከለከለም፤ አንባቢን ወደ ተሳሳተ መደምደሚያ የሚወስድ ማወዳደር ነው ነገሩ።

ስለዚህ እያንዳንዱን ረድፍ ሳነብ «እውነት ነው ወይ?» ብዬ ብቻ አላልፍም። «ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ የቆመ፣ ጣናን አይቶ የማያውቅ ሰው ይህን አንብቦ ምን ያምናል? ያመነውስ ነገር እውነት ነው?» እላለሁ። ብዙ ረድፍ የሚወድቀው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው።

ሁለተኛ፦ አንድ ጉዞ ምረጡና ሁሉንም በእሱ ለኩ

የዋጋው ረድፍ እንዲህ ይል ነበር፦ እኛ 900፣ ለ 4,000፣ ሐ 1,100። ያየ ሰው ጋሼ ጋ ሮጦ ይመጣል።

ግን የጋሼ 900 ብር ለአንድ ሰው ነው። የ«ለ» 4,000 ብር ደግሞ እስከ 8 ሰው ለሚይዝ ሙሉ ጀልባ ነው። የጋሼ ዋጋ አስጎብኚን ይጨምራል፣ የገዳሙን መግቢያ አይጨምርም። «ለ» ሁለቱንም አይጨምርም፤ አስጎብኚ ከተፈለገ ለቡድኑ 600 ብር ይጠይቃል። የ«ሐ» 1,100 ብር ለአንድ ሰው ሆኖ አስጎብኚውንም መግቢያውንም ያካትታል። ሦስት ቁጥር፣ ሦስት የተለያየ ነገር።

መፍትሔው ከሰንጠረዡ በላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው፦ «ከባሕር ዳር ተነስቶ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደርሶ መልስ፣ ግማሽ ቀን፣ ከአስጎብኚና ከገዳም መግቢያ ጋር፣ ለኢትዮጵያውያን ጎብኚዎች።» የመጨረሻዋን ሐረግ እንዳትዘልሏት። ለአገር ሰውና ለውጭ ሰው የሚጠራው ዋጋ የተለያየ ሊሆን ይችላል። የአንዱን የአገር ሰው ዋጋ ከሌላው የውጭ ሰው ዋጋ ጎን ካስቀመጣችሁ ሁሉም ነገር ተበላሸ ማለት ነው። ደላላ የጠራው ዋጋም እንደዚያው ነው። ከባለቤቱ የተጠየቀውን ከባለቤቱ ከተጠየቀው ጋር ብቻ አወዳድሩ።

ከዚያ ስሌቱን ሥሩ። መግቢያው በሰው 200 ብር ነው ብንል እንዲህ ይወጣል፦

| የሰው ብዛት | እኛ | ለ | ሐ |
|---|---|---|---|
| 2 | 2,200 | 5,000 | 2,200 |
| 4 | 4,400 | 5,400 | 4,400 |
| 6 | 6,600 | 5,800 | 6,600 |
| 8 | 8,800 | 6,200 | 8,800 |

ጋሼ ይህን ሲያዩ ትንሽ ዝም አሉ። ከ«ሐ» እንረክሳለን ብለው ነበር፤ እኩል ሆኑ። ከ«ለ» የሚረክሱት ደግሞ እስከ 5 ሰው ድረስ ብቻ ነው። በ5 ሰው የጋሼ 5,500፣ የ«ለ» 5,600 ብር ነው። ስድስተኛው ሰው ሲጨመር ነገሩ ይገለበጣል።

«እንግዲያው 2 እና 4ን ብቻ እናስቀምጥ» አሉ።

እዚህ ጋ ጸናሁ። የምትበልጡበትን የሰው ብዛት ብቻ መርጦ ማስቀመጥ ያው አሻሚነት ነው፤ በተለይ ሚዛኑ የሚገለበጥበትን ቦታ ስታውቁ። ሆቴሉም ስምንት እንግዳ ይዞ ሲመጣ እውነቱን በአንድ ስልክ ያውቀዋል። አራቱም ረድፎች እንዳሉ ቆዩ።

ሦስተኛ፦ ✗ን በሦስት ክፈሉ

ከሁሉም የበለጠ ሰው የሚያስቀይመው ይህ ምልክት ነው። አንድ ✗ ቢያንስ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። «የለም ብለው ነግረውናል።» «ፈልገን አላገኘንም።» «አልጠየቅንም።» አንባቢ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ነው የሚረዳው።

የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ማረፊያ ቤት ተመሳሳይ ሰንጠረዥ ሠርቼ ነበር። የአንዱ ተፎካካሪ ቁርስ በዋጋው ውስጥ ይካተት እንደሆነ ስላላወቅኩ ሳጥኑን ባዶ ተውኩት። ዲዛይነር ደግሞ ባዶ ሳጥን አይወድም። ✗ አስገባበት፤ እኔም ሳላየው ታተመ። የዚያ ቤት ሰዎች በማግስቱ የቁርስ ዝርዝራቸውን ይዘው መጡ። ስድብ እንኳ አልነበረም፤ ዝርዝሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ባዶ ሳጥን ትቼ አላውቅም።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። «የለም» የሚለውን የምጽፈው ባለቤቱ ራሱ ሲናገር ወይም በጽሑፍ ሲያሳውቅ ብቻ ነው። ያልተገኘውን «መረጃ አላገኘንም» እላለሁ፣ በተቀረው ፊደል መጠንና በተቀረው ቀለም። ያልተጠየቀውን ደግሞ እጠይቃለሁ። ከሰንጠረዡ ሲሶ የሚሆነው «መረጃ አላገኘንም» ከሆነ ሥራው አላለቀምና አታሳትሙት።

የላይፍ ጃኬቱ ረድፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጋሼ ለራሳቸው ✓፣ ለ«ለ» ✗ ሰጥተዋል።

«ጋሼ፣ ማን አየው?»

«ኧረ ልጄ፣ ሁሉም ሰው ያውቃል!»

«ሁሉም ሰው» ፊርማ የለውም። ሲጣራ አንድ ጀልባ ነጂያቸው አንድ ቀን ከ«ለ» ጀልባዎች በአንዷ ላይ ጃኬት የለበሰ ሰው አላየም። ጃኬቱ ከመቀመጫ ሥር ሊሆን ይችላል። ሌላዋ ጀልባ ላይ ሊኖር ይችላል። ተሳፋሪዎቹ አንለብስም ብለውም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ረድፉን ከ«አለ/የለም» ወደሚቆጠር ነገር ቀየርነው፦ «ለስንት መቀመጫ ስንት ጃኬት፣ ከዚያ ውስጥ ስንት የልጅ ልክ።» መጀመሪያ የተቆጠረው የጋሼ ራሳቸው ጀልባ ነው። ለመቀመጫው ሁሉ ጃኬት አለ። የልጅ ልክ ግን በአንደኛዋ ሁለት፣ በሌላዋ ምንም አልነበረም። ጋሼ በዚያው ሳምንት ገዙ፤ እኛም ቁጥሩን ከተገዛ በኋላ ጻፍን።

አንድ ነገር ልጨምር። ተፎካካሪ በእርግጥ ያለ ጃኬት ሰው ጭኖ ሲሄድ ካያችሁ፣ ይህ የሰንጠረዥ ጉዳይ አይደለም። ለባለቤቱ፣ ካልሆነም ለሚቆጣጠረው አካል ይነገራል። የሰው ሕይወት ጉዳይን ለደንበኛ መሳቢያ ማድረግ ለሁለቱም አይበጅም።

አራተኛ፦ ልዩነቱ የማን እንደሆነ ለዩ

ወረቀቷ ላይ ከሁሉም ያስገረመኝ ረድፍ «ሴቶች መግባት ይችላሉ» የሚለው ነው። እኛ ✓፣ ሐ ✗። እንግዳ የሆነች ሴት ይህን ስታነብ «ሐ» ሴት የማይጭን ድርጅት ይመስላታል።

እውነቱ ሌላ ነው። «ሐ» በዋናነት የሚወስደው ወደ ክብራን ገብርኤል ነው፤ ገዳሙ ደግሞ በሥርዓቱ ሴቶችን አያስገባም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያስገባል። ልዩነቱ የገዳማቱ እንጂ የጀልባ ባለቤቶቹ አይደለም። ጋሼም ነገ ወደ ክብራን ወይም ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ቢሄዱ ያው ✗ ይደርሳቸዋል። በዚያ ላይ የገዳምን ሥርዓት በ✗ ምልክት ገበያ ላይ ማውጣት ለባሕር ዳር ሰው ጆሮ ደስ አይልም። ረድፉ ወጣ። ከሰንጠረዡ ውጭ፣ ለሁሉም ጎብኚ የሚጠቅም አንድ መስመር ተጻፈ፦ «አንዳንድ ገዳማት ወንዶችን ብቻ ያስገባሉ፤ ከመነሳትዎ በፊት የትኛው ገዳም እንደሆነ ይጠይቁ።»

የፍጥነቱም ረድፍ ተመሳሳይ በሽታ ነበረበት። የጋሼ ጀልባ ዘጌ የደረሰችበት ደቂቃ ከ«ለ» በጣም ያነሰ ነው። መቼ እንደተለካ ጠየቅኩ። የጋሼው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ የ«ለ» ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ። ጣናን የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። ጠዋት ሐይቁ መስታወት ነው። ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉ ጀልባዋን ይገፋታል፣ ነጂውም ለጥንቃቄ ይቀንሳል። የለካነው ሞተሩን ሳይሆን ነፋሱን ነው።

ፍጥነትን በእርግጥ ማወዳደር ከፈለጋችሁ በአንድ ጠዋት፣ በተቀራረበ ሰዓት፣ በተቀራረበ የሰው ብዛት፣ ከአንድ መነሻ ወደ አንድ መድረሻ ለኩ። ያንንም ከአንድ ቀን በላይ ድገሙት። እኛ ይህን ያህል አልደከምንም፤ ረድፉን ሰረዝነው። የማትለኩትን አታወዳድሩ።

አምስተኛ፦ ሊመሰከር የማይችል ቃል ይውጣ

«ታማኝነት» የሚል ረድፍ ነበር። እኛ ✓፣ ሌሎቹ ✗ ✗። ይህን ለማረም ጊዜ አላጠፋሁም። ✗ የተደረገበት ሰው «ሌባ ተባልኩ» ቢል ምን ትመልሳላችሁ?

ግን ቃሉን ከመሰረዝ በፊት ሰውየው ምን ሊል እንደፈለገ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከሥሩ የሚለካ ነገር አለ። ጋሼ ሊሉ የፈለጉት «ነፋስ ከልክሎን ጉዞው ሲሰረዝ ቀብድ እመልሳለሁ፤ ሌሎች አይመልሱም ይባላል» ነው። በጣም ጥሩ! ረድፉ «ጉዞው በአየር ሁኔታ ከተሰረዘ ቀብድ ይመለሳል ወይ? በስንት ቀን?» ሆነ።

ከዚያ የጋሼን ማስረጃ ጠየቅኩ። የተጻፈ ነገር የለም። «እኔ እመልሳለሁ አልኩህ እኮ!» አሉ። የራሳችሁም ዓምድ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ስለዚህ የቀብድ ደረሰኛቸው ጀርባ ላይ በሁለት መስመር አጻፍናቸው። ያ ከሆነ በኋላ ነው ✓ ያገኙት።

በወሬ የመጣ አንድ እውነትም ነበር። የ«ሐ» ጀልባ አንዴ ሞተሯ ሐይቅ መሃል ጠፍቶ ነበር። ጋሼ ግርጌ ላይ ሊያስገቡት ፈልገው ነበር። አዎ፣ ሆኗል። ግን አንድ ቀን የሆነ ነገር ዛሬ ስለሚሸጠው አገልግሎት ምንም አይነግርም፤ ማስፈራሪያ ብቻ ነው። ወጣ። «ርካሽ»፣ «አሮጌ»፣ «አንደኛ»፣ «ብቸኛው» የሚሉትንም አብራችሁ አውጡ። በምትካቸው ቁጥርና ዓመት አስገቡ።

ስድስተኛ፦ ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ መስመር ማስረጃ

ይህ አሰልቺው ክፍል ነው፤ ቶሎ ልለፈው። ከሰንጠረዡ ሌላ አንድ ደብተር ወይም የኤክሴል ገጽ ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ መስመር፦ ምን እንደተባለ፣ ማን እንደተናገረው፣ ማን እንደሰማው፣ በምን መንገድ፣ በየትኛው ቀን። የቴሌግራም መልስ ከሆነ ስክሪንሾት፣ የተለጠፈ ዋጋ ከሆነ ፎቶ፣ ስልክ ከሆነ ደግሞ ወዲያው የተጻፈ ማስታወሻ።

ስትጠይቁ ለሁሉም ያንኑ ጥያቄ፣ በተመሳሳይ ቃል፣ ከተቻለ በአንድ ቀን ጠይቁ። የበዓል ሰሞን ዋጋን ከተራ ሳምንት ዋጋ ጋር እንዳታቀላቅሉ። በጥምቀት ሰሞንና በክረምት የሚጠራው አንድ ላይሆን ይችላል።

ሰባተኛ፦ ከመታተሙ በፊት ለተፎካካሪው ላኩለት

ጋሼ እዚህ ላይ ሊተዉኝ ነበር። «ጠላቴ ቤት ወረቀቴን ልላክ?» አሉ። ግን ስህተትን በነፃ የሚያርምላችሁ፣ ከእሱ በላይ የሚያውቀው ሰው የለም። የላክነው መልእክት ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የዘጌ ጉዞን የሚያወዳድር ወረቀት እያዘጋጀን ነው። ስለ እናንተ ልንጽፍ ያሰብነው ከዚህ ጋር ተያይዟል። ያልተስተካከለ ነገር ካለ እስከ ዓርብ ድረስ ቢነግሩን እናርማለን። ስለወደፊት ዋጋ ግን አንጠይቅም፤ እንዲነግሩንም አንፈልግም።»

የመጨረሻዋ መስመር ለጌጥ አይደለችም። ተፎካካሪዎች ተነጋግረው ዋጋ መወሰን በዚያው አዋጅ የተከለከለ ነው። እናንተ የምታጣሩት ለደንበኛ ሁሉ የሚነገረውን የዛሬ ዋጋ ብቻ ነው። የላካችሁትም የእነሱን ዓምድ እንጂ መላውን ወረቀት መሆን የለበትም።

«ለ» በማግስቱ መለሰ። የሁለቱንም ጀልባዎቹን ጃኬቶች በፎቶ ልኮ ነበር፤ ለሁሉም መቀመጫ አለ፣ የልጅ ልክም አለ። ✗ ብለን አትመን ቢሆን ኖሮ ያንን ፎቶ ሆቴሎቹ ነበሩ የሚያዩት። «ሐ» አልመለሰም። ዝምታ ✗ አይሆንም። በስልክ የነገረን ነገር «በስልክ የተነገረ» ተብሎ ከነቀኑ ቀረ፤ ስለ ቀብድ ያልነገረን ደግሞ «መረጃ አላገኘንም» ሆነ።

በመጨረሻ፦ ዲዛይኑንም አርሙ

ጽሑፉ ተስተካክሎ ቀለሙ ሊያጣምመው ይችላል። የጋሼ ዓምድ አረንጓዴ፣ የሌሎቹ ቀይ ነበር። ሦስቱንም አንድ ቀለም አደረግን፤ የጋሼን ስም ብቻ ደመቅ አደረግነው፣ ወረቀቱ የእሳቸው ስለሆነ። የተፎካካሪዎቹ ስም በንግድ ፈቃዳቸው እንዳለው ተጻፈ፣ ዓርማቸው ሳይለጠፍ። አንዳንዱ ስም ፈርቶ «ሌሎች» ብሎ ያልፋል። ያ ይብሳል፤ መሳፈሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ባንዴ ይነካል፣ ማጣራትም አይቻልም። ስም ለመጻፍ የሚያስፈራ ሳጥን ካለ ማስረጃው ስላነሰ ነው።

ግርጌው ላይ ሦስት ነገር ገባ፦ መረጃው የተሰበሰበበት ቀን፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ ስህተት ያገኘ ሰው የሚደውልበት የጋሼ ስልክ። ከሰባቱ ረድፎች አራቱ ቀሩ፦ ዋጋ፣ ጃኬት፣ አስጎብኚ፣ ቀብድ። በዋጋው ጋሼ ለትልቅ ቡድን ይሸነፋሉ፤ በጃኬቱ ከ«ለ» ጋር እኩል ናቸው።

ወረቀቱ ለየትኞቹ ሆቴሎች እንደተሰጠና ለእያንዳንዱ ስንት ቅጂ እንደደረሰ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍን። የነዳጅ ዋጋ ሲቀየር ጋሼ ያንን ዝርዝር ይዘው ሆቴል ለሆቴል ዞሩ። አሮጌዎቹን ሰብስበው ሲመለሱ ሁለት ቅጂ ጎደለ። የትኛው ሆቴል እንደቀሩ ግን ስለተጻፈ በማግስቱ ሄደው አመጧቸው።